የሐዋሳው ባለ 14 ክፍል እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ፦ ወሰኑ፣ ዋጋውና የጥገና ውሉ

በጥር 2016 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ ያለ ባለ 14 ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ እንዲሠራለት ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ተዋዋለ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፦ አራት ገጽ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። የተስማሙበት ዋጋ 44,000 ብር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት በየዓመቱ 12,000 ብር የጥገና ክፍያ አለው። ገጹ ተሠርቶ ወጣ፤ እንግዶችም ይጠቀሙበታል። ሒሳቡ ሲታይ ግን ሠሪዎቹ ወደ 14 ሰዓት የሚጠጋ ያልተከፈለበት ሥራ ሠርተዋል፤ የሁለተኛው ዓመት የጥገና ክፍያም ከሆስቲንግ፣ ማለትም ከሰርቨር ኪራይ፣ እና ከዶሜይን፣ ማለትም ከድረ ገጹ ስም ወጪ የተረፈው ጥቂት ነው። ኮዱ ላይ ችግር አልነበረም። የላላው ውሉ ነው፤ የላላባቸውንም ቦታዎች አንድ በአንድ ማሳየት ይቻላል።

ከዋጋ በፊት፦ ዶሜይኑ የማን ነው?

ማረፊያው ቀድሞ ድረ ገጽ ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሚያውቁት ሰው ሠርቶላቸው፣ በኋላ ሰውየው ወደ ውጭ አገር ሄደ። ባለቤቷ ስሙ የእሳቸው እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ በየዓመቱ ገንዘቡን የሚልኩት እሳቸው ናቸውና። ሠሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ሁለት መስመር ትእዛዝ ጽፈው አዩት።

```
whois example.com
dig MX example.com +short
```

የመጀመሪያው ዶሜይኑ በየትኛው መዝጋቢ ድርጅት እንዳለና መቼ እንደሚያበቃ ይናገራል። ሁለተኛው ኢሜይሉ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ውጤቱ ሁለት ነገር አሳወቀ። ዶሜይኑ ሊያበቃ 38 ቀን ቀርቶታል፤ በዚያው ስም የሚሠራ የኢሜይል ሳጥንም አለ። መዝጋቢው ዘንድ ያለው አካውንት ደግሞ በሄደው ሰው የግል ኢሜይል የተከፈተ ነው።

አንድ .com ስም ካበቃ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ነጋዴ አያውቅም። መዝጋቢው አብዛኛውን ጊዜ በተለመደው ዋጋ የሚያድሱበት የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል፤ ይህ ጊዜ ቢበዛ እስከ 45 ቀን ነው። ከዚያ ለ30 ቀን የሚቆይ የመዋጃ ጊዜ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ማስመለስ ይቻላል፣ ዋጋው ግን ከተለመደው እድሳት ብዙ እጥፍ ነው። ቀጥሎ 5 ቀን ይጠብቅና ስሙ ይለቀቃል፤ ያኔ የፈለገ ሁሉ ይወስደዋል።

ውጭ ያለው ሰው ቀና ሰው ሆኖ ተገኘ። የዝውውር ቁልፉን ከፍቶ የማዛወሪያ ኮዱን ላከ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። የስሙን ባለቤት ኢሜይል ቀድሞ መቀየር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የባለቤት ለውጥ ከተደረገ በኋላ ብዙ መዝጋቢዎች ዶሜይኑ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ይቆልፉታል። ለማብቃት 38 ቀን በቀረው ስም ላይ ይህ ቢደረግ ዝውውሩ አይሆንም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ማዛወር፣ ቀጥሎ የባለቤቱን መረጃ መቀየር ነው። ዝውውሩ አምስት ቀን ፈጀ፤ ከዝውውሩ ጋር የአንድ ዓመት እድሳት ስለሚከፈል ቀነ ገደቡም ወደ የካቲት 2017 ተሻገረ።

አዲሱ አካውንት የተከፈተው በማረፊያው በራሱ ኢሜይል ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የከፈለችው ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖረው የባለቤቷ እህት ናት፤ በካርዷ። ካርድ የሚከፍል ዘመድ መኖሩ ለብዙ የአገር ቤት ንግድ መፍትሔ ነው። አካውንቱ ግን በዘመዱ ኢሜይል መከፈት የለበትም። ካርዱ የዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ስሙና ኢሜይሉ የንግዱ ይሁኑ። አለበለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው የመጀመሪያው ችግር በሌላ ሰው ላይ ይደገማል።

ይህ ሁሉ ስድስት ሰዓት ወሰደ፤ በዋጋው ውስጥ ግን አልነበረም። ሠሪዎቹ ዋጋ የሰጡት ዶሜይኑን ከማየታቸው በፊት ነበር። ትእዛዙ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዋጋ በፊት ቢደረግ ኖሮ ስድስቱ ሰዓት በግልጽ ይጻፍ ነበር።

ወሰኑ፦ "እንደ ትልልቆቹ ሆቴሎች"

የባለቤቷ የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዳው ክፍል መርጦ፣ ቀን መርጦ፣ እዚያው ከፍሎ የሚጨርስበት ገጽ ነበር። ቴክኒኩ ይቻላል፤ በቴሌብርም በቻፓም ክፍያ መቀበል ይቻላል። ሠሪዎቹ "እሺ" ወይም "አይሆንም" ከማለታቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁ፦ የመጨረሻዎቹ ሃያ እንግዶች እንዴት ነው ክፍል የያዙት? መዝገቡ ተከፍቶ ተቆጠረ። አሥራ ሦስቱ በስልክ ደውለው፣ አምስቱ በቴሌግራም ለባለቤቷ ልጅ ጽፈው፣ ሁለቱ በኢሜይል ከውጭ አገር።

ከዚህ በላይ የሚያስረዳው መዝገቡ ራሱ ነው። የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ የሚታወቀው ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ካለው ትልቅ ደብተር ብቻ ነው። ድረ ገጹ የራሱ የክፍል ቆጠራ ቢኖረው ሁለት መዝገብ ይሆናል። ማታ በስልክ የተያዘ ክፍል ድረ ገጹ ላይ እስኪመዘገብ ድረስ ሌላ ሰው ከፍሎ ይይዘዋል፤ ጠዋት ሁለት ቤተሰብ ለአንድ ክፍል ይመጣል። ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ሳይቀይሩ የቦታ ማስያዣ ሥርዓት መትከል ችግር መትከል ነው። ደብተሩን መቀየር ደግሞ የድረ ገጽ ሥራ አይደለም፤ የአሠራር ለውጥ ነው፣ ሠራተኛ ማሠልጠን ይፈልጋል።

ስለዚህ ወሰኑ ወደዚህ ወረደ፦ አራት ገጽ ማለትም መነሻ፣ ሦስቱ የክፍል ዓይነቶች ከነዋጋቸው፣ የሚገኝበት ቦታ ከካርታ ጋር፣ እና የጥያቄ መላኪያ ቅጽ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በስልክ ሲነካ የሚደውል ቁጥርና የቴሌግራም መክፈቻ አለ። ቅጹ ክፍል አያስይዝም፤ ጥያቄ ይልካል፣ ልጁ ደብተሩን አይቶ ይመልሳል። በሁለት ቋንቋ ሲሆን አራቱ ስምንት ይሆናል። ይህንን ብዙ ሠሪ ይዘነጋዋል፤ ሁለተኛው ቋንቋ የሚጨምረው ትርጉም ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ነገር ሁለተኛ ፍተሻ ነው።

አንድ የሁለት ቋንቋ ነገር ለየብቻው መነገር ይገባዋል፤ ሰዓትና ቀን። እንግሊዝኛው ገጽ ላይ ክፍል መግቢያው 2:00 ከሰዓት በኋላ ነው፤ አማርኛው ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት። አንዱን ቀድቶ ወደ ሌላው መለጠፍ እንግዳን በስድስት ሰዓት ያሳስታል። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። አማርኛ አንባቢ "10/5" ብሎ ሲጽፍ ጥር 10 ማለቱ ነው፤ ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው ሜይ 10 ወይም ኦክቶበር 5 ያደርገዋል። ለጥምቀት ሳምንት ክፍል የጠየቀ ሰው ለግንቦት ይመዘገባል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ በአማርኛው ቅጽ ወሩ በስሙ ይመረጣል፣ መስከረም፣ ጥቅምት እየተባለ፤ ለእንግዳው የሚላከው መልስ ላይ ደግሞ ሁለቱም አቆጣጠሮች ይጻፋሉ።

የወሰን ሰነዱ አንድ ተኩል ገጽ ነበር፣ በአማርኛ። ጥሩ ጎኑ ቁጥር መያዙ ነው፦ 25 ፎቶ፣ ሁለት ዙር ማስተካከያ። የማይካተተውም ተጽፏል፦ ክፍያ መቀበል፣ የክፍል ቆጠራ፣ ሎጎ፣ ፎቶ ማንሳት፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ማስተዳደር። ጉድለቱ "ማስተካከያ" ምን እንደሆነ አለመግለጹ ነው። ባለቤቷ በሦስተኛው ዙር ገጹ ላይ ስለ ሰርግ እንግዶች የሚናገር አዲስ ቦታ እንዲጨመር ሲጠይቁ ለእሳቸው ማስተካከያ ነው፤ ለሠሪዎቹ አዲስ ሥራ ነው። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። በሚቀጥለው ውል ላይ የገባው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ "ማስተካከያ ማለት ባለው ቦታ ላይ ያለን ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ዋጋ መቀየር ነው፤ አዲስ ቦታ የሚፈልግ ነገር አዲስ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ቀድሞ ይነገራል።" ይህ አለመኖሩ ስምንት ሰዓት አስከፍሏል።

ጽሑፉና ፎቶው

ድረ ገጽ የሚዘገየው በኮድ ሳይሆን በይዘት ነው፤ ይኸኛውም እንደዚያ ነበር። ውሉ "ጽሑፍና ፎቶ ደንበኛው ያቀርባል" ብሎ ያልፋል፣ መቼና በምን ዓይነት እንደሆነ አይናገርም።

ጽሑፉ የመጣው ከአሮጌ ብሮሹር ነው፣ በዎርድ ፋይል። ሠሪዎቹ ሲከፍቱት በወጉ ይነበባል፤ ኮፒ አድርገው ገጹ ላይ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ውጥንቅጥ ሆነ። ምክንያቱ የቆዩት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትና በኋላም ለብዙ ዓመት በየጽሕፈት ቤቱ የቆዩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል።

ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ይቻላል። ዎርድ ውስጥ ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ Nyala ወይም Ebrima መቀየር ነው፤ አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ደህና ነው፣ ከተበላሸ እንደገና መጻፍ አለበት። ኮምፒውተር ሳይነኩም አንድ አንቀጽ በቴሌግራም ወደ ስልክ ልኮ ማየት ይበቃል። እዚህ ግን የታወቀው ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነው። መልሶ መጻፍና ማረም ዘጠኝ ሰዓት ወሰደ።

ፎቶዎቹ በቴሌግራም መጡ፤ ደብዛዛ ነበሩ። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል አካባቢ ያሳንሰዋል፤ "እንደ ፋይል" ተብሎ ከተላከ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ልጁ እንደገና በፋይል ላካቸው። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ከ4 እስከ 5 ሜጋባይት ሆነ። ሃያ አምስቱ እንዳሉ ቢሰቀሉ ከ100 ሜጋባይት ያልፋሉ፤ ይህንን የሚከፍለው ፓኬጅ የገዛው እንግዳ ነው፣ ከመክፈሉ በፊት ግን ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። ወደ 1600 ፒክስል ስፋት ተቀንሰው፣ በዌብፒ ቅርጽ እያንዳንዳቸው ከ200 ኪሎባይት በታች ተደረጉ። ሁሉም ተደምረው አምስት ሜጋባይት አልሞሉም፤ በስልክ ላይ ልዩነቱን በዓይን መለየት አይቻልም።

የሁለቱ ክፍሎች እድሳት ስላላለቀ የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች የመጡት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በውሉ መሠረት ግማሹ ክፍያ በመጀመሪያ፣ ግማሹ "ሥራው ሲጠናቀቅ" ነበር። ለባለቤቷ ፎቶ የጎደለው ገጽ አልተጠናቀቀም፤ ለሠሪዎቹ ደግሞ የእነሱ ድርሻ አልቋል። 22,000 ብር ሁለት ወር ያህል ቆመ። ማንም አላታለለም፤ "መጠናቀቅ" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ነበረው።

የተስተካከለው አከፋፈል እንዲህ ነው። 40 ከመቶ ሲጀመር፤ 40 ከመቶ ገጹ በሙከራ አድራሻ ላይ፣ ጊዜያዊ ጽሑፍና ፎቶ ይዞ ሲታይ፤ 20 ከመቶ ለሕዝብ ሲከፈት። ይዘቱ ከሁለተኛው ክፍያ በኋላ በ14 ቀን ካልደረሰ ገጹ ባለው ይዘት ይከፈታል፣ የቀረው በጥገና ሰዓት ይገባል። "ተከፈተ" የሚባለውም በፍተሻ ይታወቃል፦ የቅጹ ጥያቄ ጂሜይል የገቢ ሳጥን ውስጥ ሲደርስ፣ ስልክ ቁጥሩ ሲነካ ሲደውል፣ ገጹ በርካሽ አንድሮይድ ስልክ በሞባይል ዳታ ሲከፈት፣ አማርኛው በዚያው ስልክ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሳይሆን ሲነበብ፣ እና የይለፍ ቃሎቹ ለባለቤቷ በወረቀት ሲሰጡ።

44,000 ብር ከየት መጣ?

"አንድ ገጽ ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄ የተለመደ ነው፣ ግን የሚያሳስት ነው። አንድ ገጽ ባዶ ፍሬም ነው፤ ሰዓት የሚበላው ይዘቱ፣ ፍተሻውና የኢሜይል ዝግጅቱ ነው። ሠሪዎቹ የሠሩት በሰዓት ነው። ለአንድ ሰው በወር የሚያስፈልጋቸው፣ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ ድርሻ፣ ኢንተርኔትና መብራት ሲጠፋ የሚወጣው ጨምሮ 48,000 ብር ነው። በወር 160 የሥራ ሰዓት ቢኖርም ደንበኛ የሚከፍልበት ግማሹ ብቻ ነው፤ ቀሪው ስልክ፣ ስብሰባ፣ ዋጋ ማቅረብ፣ ያልተሳካ ሥራ ነው። ስለዚህ 48,000ን ለ80 ማካፈል፦ 600 ብር በሰዓት። ብዙ ጀማሪ ለ160 አካፍሎ 300 ይላል፤ ከዚያ ሙሉ ወር ሠርቶ ኪራይ ያጥረዋል።

ሰዓቱ የተገመተው እንዲህ ነበር፦ ወሰን ማውጣትና የይዘት አደረጃጀት 8፣ ዲዛይንና ግንባታ 26፣ ጽሑፍ ማረምና በሁለት ቋንቋ ማስገባት 12፣ ፎቶ ማዘጋጀት 5፣ ቅጽ፣ ኢሜይልና ዶሜይን 5፣ ፍተሻ 4፣ ማሠልጠንና ማስረከብ 4። ድምሩ 64 ሰዓት፣ በ600 ሲባዛ 38,400 ብር። ለማይታወቅ ነገር መጠባበቂያ 15 ከመቶ ሲጨመር 44,160፤ 44,000 ተባለ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሠሪ በዚህ ላይ 15 ከመቶውን ለይቶ ይጽፋል፤ "ታክስን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?" የሚለው ከፊርማ በፊት መመለስ አለበት።

የተሠራው 87 ሰዓት ነው። ዶሜይኑ 6፣ መልሶ መጻፉ 9፣ ያልተገለጸው ማስተካከያ 8፤ ከግምቱ በላይ የሆነው 23 ሰዓት በሙሉ እነዚህ ሦስት ናቸው። ግንባታው ራሱ በተገመተው ሰዓት አልቋል። መጠባበቂያው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሸፈነ፤ የቀረው ከኪስ ነው። መጠባበቂያውን ወደ 36 ከመቶ ማሳደግ ይህን ይሸፍን ነበር፣ ግን ለደንበኛው ፍትሐዊ አይደለም፤ ይዘቱን አዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው ያላዘጋጀውን ሰው ዕዳ ይከፍላል። የሚሻለው ከዋጋው በፊት ጽሑፉን ከነፋይሉ መቀበል፣ ፎንቱን ቀይሮ ማየትና ዶሜይኑን መፈተሽ ነው። ይህ የሁለት ሰዓት ሥራ ስለሆነ ራሱ 1,200 ብር ሊጠየቅበት ይችላል፣ ሥራው ከተሰጠ ከዋጋው ይቀነሳል።

የጠፉት ጥያቄዎች

ገጹ በሚያዝያ 2016 ተከፈተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከውጭ አገር የደወለ እንግዳ ሦስት ጊዜ ጥያቄ ልኮ መልስ እንዳላገኘ ተናገረ። ቅጹ "ደርሶናል" ይላል፣ ስሕተት አያሳይም። ልጁ ኢሜይሉን በየቀኑ ያያል፣ አንድም ጥያቄ የለም።

ቅጹ የተሠራው ኢሜይሉ ከእንግዳው አድራሻ የመጣ መስሎ እንዲላክ ነው፤ ልጁ "መልስ" ሲጫን በቀጥታ ለእንግዳው እንዲሄድ ታስቦ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ግን በተቀባዩ ዓይን የማረፊያው ሰርቨር የሌላ ሰው ስም ይዞ የሚልክ አስመሳይ ሆነ። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላኪውን ማንነት ማረጋገጥ ላይ ጠንክረዋል፤ እንዲህ ያለው መልእክት ወደ ስፓም ይገባል ወይም ጨርሶ አይደርስም። መፍትሔው ላኪውን የራስ አድራሻ ማድረግና የእንግዳውን በመልስ መስጫው ማስቀመጥ ነው።

```
From: info@example.com
Reply-To: guest@example.net
```

ከዚህ ጋር የትኛው ሰርቨር በዶሜይኑ ስም መላክ እንደሚፈቀድለት የሚናገረው መስመር ዶሜይኑ ላይ መግባት አለበት። ኢሜይሉም ሆነ ድረ ገጹ አንድ ሰርቨር ላይ ላለ እንደዚህ ላለ ቤት መስመሩ አጭር ነው።

```
v=spf1 a mx ~all
```

ሁለተኛ ጥንቃቄ ተጨመረ፦ እያንዳንዱ ጥያቄ በድረ ገጹ ውስጥም ይቀመጣል፣ ኢሜይል ባይደርስ እንኳ እንዳይጠፋ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ነው፤ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ አንድ ሰው ቅጹን ሞልቶ ይልካል፣ መድረሱንም ያያል። ይህ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ ቢደረግ ለሦስት ሳምንት የጠፉት ጥያቄዎች በአንድ ቀን ይታወቁ ነበር። የመጀመሪያው የጥገና ውል ግን "ድረ ገጹ በአግባቡ እንዲሠራ ማድረግ" ይላል እንጂ ማን ምን መቼ እንደሚያደርግ አይናገርም።

ጥገናው፣ ከዶላሩ ጋር

የጥገናው 12,000 ብር ሆስቲንግንና ዶሜይንን ይጨምር ነበር። ሆስቲንጉ 60 ዶላር፣ ዶሜይኑ 14 ዶላር፣ ድምሩ 74 ዶላር በዓመት። በውሉ ጊዜ ዶላር በ57 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 4,200 ብር ይሆናል። ቀሪው 7,800 ብር 13 ሰዓት ይገዛል፣ በወር ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ። ለትንሽ ገጽ ይበቃል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በየካቲት 2017 እድሳቱ ሲመጣ ሒሳቡ የተሠራው በ127 ብር ነው። ያው 74 ዶላር 9,400 ብር ሆነ። ከ12,000 የተረፈው 2,600 ብር፣ ለዓመቱ በሙሉ አራት ሰዓት ብቻ። ውሉ ሁለት ዓመት ያስራል። ሠሪዎቹ ወይ በኪሳራ ይሠራሉ፣ ወይ መሥራቱን በዝምታ ያቆማሉ። ብዙ የጥገና ውል የሚሞተው በዚህ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ማንም ሳያፈርሰው፣ ማሻሻያው ይቀራል፣ መጠባበቂያ ቅጂው ይቀራል።

እዚህ የተደረገው ደረሰኝ ይዞ መነጋገር ነው። ባለቤቷ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ስሜታቸው ትክክል ነው፣ የፈረሙት 12,000 ነውና። የሁለቱን ዓመት ደረሰኝ ጎን ለጎን ሲያዩ ግን የጨመረው የባለሙያዎቹ ዋጋ እንዳልሆነ ገባቸው። አዲሱ ውል ሁለቱን ነጣጠለ። የዶላሩን ወጪ ማረፊያው ራሱ ይከፍላል፣ እንደ ቀድሞው በእህታቸው ካርድ ወይም በዕለቱ ምንዛሪ በደረሰኝ። የባለሙያው ክፍያ ለብቻው በብር ነው፤ በየዓመቱ ይታያል።

ሠሪዎቹ ያቀረቡት በወር 1,500 ብር ነበር፣ ባለቤቷ በዛ አሉ። ዋጋውን እንዲሁ መቀነስ ሥራውን እንዳለ ትቶ ሰዓቱን መስረቅ ነው፤ ስለዚህ የተቀነሰው ሥራው ነው። በዓመት አራት ጉብኝት፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት፣ በአዲሱ የ700 ብር ተመን፣ 8,400 ብር። በጉብኝቱ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፣ ከዚያ ገጹ የተሠራበት ዎርድፕረስና ተጨማሪ መሣሪያዎቹ፣ ፕለጊኖቹ፣ ይታደሳሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማደሱ ያበላሸውን መመለሻ የለም። ቅጂው ከሆስቲንጉ ውጭ ይቀመጣል፤ እዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ቅጂ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ቅጂው በሙከራ ቦታ ተከፍቶ ይታያል፣ ምክንያቱም ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ መኖሩ አይታወቅም። የተረፈው ሰዓት ለዋጋና ለፎቶ ለውጥ ነው፤ ያልተጠቀሙበት ሰዓት ወደሚቀጥለው ጉብኝት ብቻ ይሻገራል።

በየሦስት ወሩ መሆኑ አደጋ አለው፤ ቀዳዳ የተገኘበት ፕለጊን ሳይታደስ ሳምንታት ይቆያል። ይህን ለመቀነስ የጸጥታ ማሻሻያዎች በራሳቸው እንዲገቡ ተደረገ፣ ሰባት የነበሩት ፕለጊኖችም ወደ ሦስት ወረዱ። ስላይድ የሚያሳየው፣ የጎብኚ ቁጥር የሚቆጥረውና ሌሎቹ ሁለት ማንም አልናፈቃቸውም። እንዲያውም የዋጋ ለውጥ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚያደርግ ቤት ከዎርድፕረስ ይልቅ ተራ የኤችቲኤምኤል ገጽ ይሻል ነበር፤ የሚታደስ ነገር የለውም። ሲመረጥ "ልጁ ራሱ ይቀይረዋል" ተብሎ ነበር፣ ልጁ ግን ሁልጊዜ በቴሌግራም "ዋጋው ይሄ ይሁን" ብሎ ይልካል።

ወርሃዊው የቅጽ ሙከራ ለልጁ ተሰጠ። ጊዜም ተቆረጠ፦ ገጹ ከጠፋ በአራት የሥራ ሰዓት ውስጥ ፍለጋው ይጀመራል፣ የዋጋ ለውጥ በሁለት የሥራ ቀን ይገባል። "ይጀመራል" የተባለው ሆን ተብሎ ነው፤ ሆስቲንጉ ራሱ ቢወድቅ ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ መቼ እንደሚመለስ ባለሙያው ቃል ሊገባ አይችልም።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለ መለያየት ነው። ማንኛውም ወገን በ30 ቀን ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሲወጣ የመጨረሻው ሙሉ ቅጂ፣ የሆስቲንጉና የዎርድፕረሱ መግቢያ፣ የዶሜይኑ ቅንብር ዝርዝር ይሰጣል። ክፍያ ከዘገየ ሥራው ይቆማል፣ ገጹ ግን አይዘጋም፣ ዶሜይኑም መያዣ አይሆንም። ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ የጠየቁት ሠሪዎቹ ናቸው። በጥር 2016 የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፉት የሌላ ሰው አካውንት ውስጥ ያለን ስም በማስመለስ ነበርና።

ዶሜይኑ በየካቲት 2017 የታደሰው ለሦስት ዓመት ነው፣ ምንዛሪው ከዚያ በላይ ሳይሄድ። የሚያበቃበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ እንግዳ መቀበያው ላይ ባለው የትልቁ ደብተር ሽፋን ውስጥ ተለጥፏል፤ ደብተሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ወደ አዲሱ እንዲዛወር ልጁ ኃላፊ ነው።